መርዶ በቴሌግራም? ጣትህን ሰብስብ!

«ቶሎ እንዲያውቅ ብዬ ነው የጻፍኩለት» ይላል ላኪው።

አውቆ ምን እንዲያደርግ? ልጁ ሐርጌሳ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብሎኬት ይደረድራል። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ነዘረ፤ አወጣውና «አባታችን ሌሊት አረፉ» የሚል አነበበ። አጠገቡ ያለው ሠራተኛ አማርኛ አይሰማም። እናቱ ደሴ ናት፣ ወንድሙ ጅዳ። ወሬው ቶሎ ደርሷል፤ ደግፎ የሚይዘው ሰው ግን አልደረሰም። መርዶ ደግሞ ያለ ደጋፊ አይነገርም።

«ስልክ ደውዬ ነበር፣ አላነሳም።»

አላነሳም ማለት ጻፍለት ማለት አይደለም፤ ለሌላ ሰው ደውል ማለት ነው።

«ስናገር ድምፄ ይንቀጠቀጣል።»

ይንቀጥቀጥ! የአባትህን ሞት ነው የምትናገረው፣ ዜና አታነብም። የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ለሰሚው «ብቻህን አይደለህም» ይለዋል። ጽሑፍ ይህን አይልም።

«የሚያለቅስ ኢሞጂ አብሬ ልኬያለሁ።»

ኢሞጂው እንባ ያፈሳል እንጂ እንባ አይጠርግም።

ወገኖቼ፣ ይህን ሁሉ የምለው ጠብ ፈልጌ አይደለም። ሐርጌሳ ያለው ሐበሻ ብዙ ነው፦ በግንባታ ላይ፣ በምግብ ቤት፣ በሆቴል፣ በትምህርት ቤት፣ በሰው ቤት። ከአገር ቤት ጋር የሚያገናኘው ስልኩ ነው። ኢሞ፣ ዋትሳፕ፣ ቴሌግራም፣ መደበኛ ጥሪ፣ ቢሮ ለሚሠራው ደግሞ ኢሜይል። በሩ ሲበዛ የትኛው በር ለየትኛው ወሬ እንደሆነ ተምታቶብናል፤ ስለዚህ ከባዱ ወሬ ለጣት በቀለለው በር ይገባል።

አባቶቻችን መርዶን ሲናገሩ ሥርዓት ነበራቸው፣ ዛሬም አለ። ማታ አይነገርም፤ ሰውዬው ሌሊቱን ብቻውን ከጣራ ጋር እንዳይፋጠጥ። በባዶ ሆድም እንዳይሆን ይጠነቀቃሉ። ጎህ ሲቀድ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ይሄዳል፤ ከመካከላቸው በዕድሜ ጠና ያለው ይናገራል፤ ሌሎቹ ሲወድቅ ለመያዝ፣ ራሱን ሲመታ እጁን ለመጨበጥ፣ ሲጮኽ አብረው ለመጮኽ ቆመዋል። ይህን «ኋላ ቀር» የሚል ካለ የአሜሪካን ጦር ይጠይቅ። ወታደር ሲሞት ቤተሰቡን በስልክ መልእክት አይነግሩም፤ የደንብ ልብስ የለበሱ መልእክተኞች ሄደው በር ያንኳኳሉ። የማሌዥያ አየር መንገድ ደግሞ የጠፋችው አውሮፕላን ተሳፋሪዎች በሕይወት የሉም ብሎ በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ለቤተሰቦች በአጭር የስልክ መልእክት ላከ። ኩባንያው በተቻለ መጠን በአካልና በጥሪ ነግረናል፣ መልእክቱ ተጨማሪ መንገድ ብቻ ነው ብሎ ተከራከረ። ዓለም ግን ያስታወሰው ያንን መልእክት ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። እንበል አባት ደሴ ላይ ሐሙስ ማታ፣ ጥቅምት 27፣ አርፈዋል። ቀብሩ ዓርብ ነው። ልጃቸው ሐርጌሳ ነው። እህት ስልኳን አነሳችና ለወንድሟ እንዲህ ጻፈች፦

«ወንድሜ አባባ ዛሬ ማታ አረፈ። እስከመጨረሻው አንተን ሲጠራ ነበር። ሰው ቀድሞ እንዳይነግርህ ብዬ ነው። አይዞህ።»

ጣትሽን ያዢ እህቴ! ገና አልላክሽውም። ልቅሶሽ እውነት ነው፣ ረቂቁ ግን አራት ቦታ ይወጋል። መጀመሪያ፣ የተቆለፈ ስልክ ላይ የመልእክት መጀመሪያ ይታያል፤ ወንድምሽ ስልኩን ሳይከፍት፣ ምናልባትም አብሮት የሚያድረው ልጅ ቀድሞ አንብቦት፣ መርዶው ተጠናቀቀ። ቀጥሎ፣ «አንተን ሲጠራ ነበር» የሚለው ለዓመታት ይወጋዋል። ይህ ይነገር ይሆናል፣ ግን ሰው አጠገቡ ተቀምጦ፣ ከሰልስት በኋላ፣ በአፍ። ደግሞም በምን እንደሞቱ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ፣ እንዲመጣ ይፈለግ እንደሆነ የሚል ነገር የለበትም፤ ሊጠይቅ ሲደውል አንቺ ለቅሶ ላይ ነሽ፣ አታነሺም። መጨረሻ ላይ «አይዞህ» አለሽው። ማን ይዞት?

«ታዲያ ልኬ አጠፋዋለሁ።» ታጠፊዋለሽ እንጂ! ዋትሳፕ ሁለት ቀን ገደማ ድረስ ከሁለቱም ወገን ለማጥፋት ይፈቅዳል፣ ቴሌግራምም ያጠፋል። ዓይን ያየውን ግን አያጠፋም። «ይህ መልእክት ተሰርዟል» የሚለውን ያየ ሰው ደግሞ ምን እንደነበረ ሲገምት ያድራል።

ስለዚህ ለወንድምሽ በጽሑፍ የሚላክ አንድም ቃል የለም። መልእክቱ አቅጣጫ ይለውጣል፦ ወደ ቅርቡ ሰው፣ አብሮት ወደሚኖረው ወይም እሱ ወደሚያከብረው የአገር ልጅ። ለእሱም ቢሆን መርዶው በቻት አይጻፍም። በቻት የሚጻፈው ማስደወያው ብቻ ነው፦

«ሰላም ወንድሜ፣ እንዴት ዋልክ። አንድ ነገር ላማክርህ ነበር፤ ዛሬ ማታ ከሦስት ሰዓት በፊት ደውልልኝ።»

ተመልከቱት። ማንም ትከሻው ላይ አሻግሮ ቢያነበው ምንም የለበትም። «አስቸኳይ» የለም፣ «ለእሱ እንዳትነግረው» የለም። «እንዳትነግረው» ብሎ መጻፍ ግማሹን መንገር ነው። ሰዓቱ ግን ተቆርጧል፣ አለዚያ «ነገ እደውልላታለሁ» ብሎ ይተኛል።

«ካልደወለስ? እኔ ደጋግሜ ልደውል?»

ሁለቴ ደውይ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ሰው እለፊ። ከአገር ቤት በሌሊት የመጣ አሥር ሚስኮል ራሱ መርዶ ነው፤ በስደት ያለ ሁሉ ይህን ያውቃል። ለወንድምየውማ አንድም ሚስኮል እንዳይገባበት።

የአገር ልጁ ደወለ። አሁን የስልክ ረቂቅ ያስፈልጋል፣ አዎ፣ ለስልክም ረቂቅ አለው፤ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፊው፣ እንባ ሲመጣ ቃል ይጠፋልና። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን አለ አጠገብህ? ወደ ውጭ ውጣ» ነው። ስልኩ ስፒከር ላይ ሊሆን ይችላል፣ ወንድምሽም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሳይጠማዘዝ፦

«አባባ ዛሬ ማታ አርፈዋል። ቀብሩ ነገ ነው፣ ለቀብር አይደርስም። ለሰልስት ባይደርስም እንዲመጣ እንፈልጋለን። እሱ አልሰማም። ነገ ጠዋት ሽማግሌ ይዘህ፣ ቁርስ ቢጤ አቅምሳችሁ ንገሩልኝ። እስከዚያ ስልኩን ዓይንህ ሥር አድርገው።»

ለዚህኛው ሰው «በጠና ታመዋል» ማለት ክልክል ነው። መርዶ ነጋሪ የሚናገረውን ራሱ በእርግጠኝነት ማወቅ አለበት። አራት ነገር ይዞ ይግባ፦ መቼ፣ በምን፣ የት ይቀበራሉ፣ እናት እንዴት ናት። ሐዘንተኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚህን ነው፤ «አላውቅም» የተባለ ሐዘንተኛ ደግሞ ስልኩን ይነጥቃል። የሰማውን መልሶ እንዲነግርሽ አድርጊ፤ በድንጋጤ ውስጥ ዓርብ እሑድ ይሆናል፣ አባት አጎት ይሆናል። ሒሳብና ባትሪም ከመደወልሽ በፊት ይታይ። «አባባ ዛሬ ማታ…» ብሎ ሒሳብ የጨረሰ ስልክ ከምንም ይከፋል።

አሁን ወደ ትልቁ ክርክር።

«ለምን ታመዋል ብለን አናስመጣውም? ቤቱ ከደረሰ በኋላ እንነግረዋለን።»

ይህ የብዙ ቤተሰብ ልማድ ነው፣ ምክንያትም አለው፦ መንገድ ላይ ያለ ሰው እንዳይወድቅ። ከአዲስ አበባ ደሴ ከሆነ ይሁን። ከሐርጌሳ ግን ቁጠሩት፦ እስከ ውጫሌ ድንበር 90 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ ጅግጅጋ፣ ከዚያ በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከዚያ ደሴ። ይህን ሁሉ መንገድ ተስፋ ይዞ ይጓዛል፤ በየመቆሚያው «እንዴት አደሩ፣ ምን በሉ» እያለ ይደውላል፤ እናንተም «ትንሽ ተሽሏቸዋል» እያላችሁ ትዋሻላችሁ። ድንበሩን ሲያልፍ ሲም ይቀይራል፣ ዳታ ይከፍታል፣ ፌስቡኩ ላይ የአክስት ልጅ ሻማ ለጥፎ «ነፍስ ይማር አባባ» ብሏል። በዚያች ደቂቃ ልጁ ማንም የማያውቀው መኪና ውስጥ ነው። ያዳናችሁት መስሏችሁ በጣም ብቸኛ የሚሆንበትን ቦታ መረጣችሁለት። የኔ ፍርድ ይህ ነው፦ አብሮት የሚሄድ ሰው ካለና ስልኩም በዚያ ሰው እጅ ከሆነ «ታመዋል» ይባል፤ ብቻውን የሚሄድ ከሆነ ሐርጌሳ ላይ፣ በሰው መካከል፣ አልቅሶ ይነሳ።

«ሰው ቀድሞ ይነግረዋል» ለሚለውም መድኃኒቱ እሱን መቅደም አይደለም፤ ሰውን ማስቆም ነው። ይህም በጥሪ ነው የሚሆነው። በየቤተሰቡ ጣቱ የሚፈጥን አንድ ሁለት ሰው ይታወቃል፤ ለእነሱ ይደወላል፦ «እሱ እስኪነገረው ሻማ እንዳትለጥፉ፣ ፕሮፋይል እንዳትቀይሩ።» የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ አይጻፍ፣ ልጁ እዚያ አለ። ከግሩፑ ማስወጣትም አይሆንም፤ ድንገት ግሩፑ ሲጠፋበት ምን ሆነ ብሎ ይጠይቃል። እሱ የሌለበት አዲስ ግሩፕ ይከፈት፣ የቀብሩም ነገር እዚያ ይመከር።

«ስልክ ብቻ እንጂ ኢንተርኔት የለንም» የሚል ደግሞ አለ፤ እውነቱን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ አገር ቤት ያለው ከመደበኛ ጥሪ ውጭ ምርጫ የለውም። ሲደውሉ +251 የኛ ነው፣ +252 የእነሱ ነው፤ በአንድ አሃዝ ነው የሚለያዩት። በእንባ ዓይን የተደወለ ቁጥር የማያውቁት ሰው ጋ እንዳይሄድ ቀስ ተብሎ ይነበብ።

ልጁ አጠገቡ የአገር ሰው ከሌለስ? በርበራ ብቻውን የሚሠራ ከሆነ? ያኔ ድምፅ ነው፣ ሌላ የለም። ቤት ሲገባ ይደወላል፣ መኪና ሲነዳ አይደለም። «የት ነህ? ተቀመጥ። ክፉ ወሬ ነው የምነግርህ» ይባላል፤ ትንሽ ይቆማል፤ ከዚያ «አባባ አርፈዋል» ይባላል። ቀጥሎ ዝም ማለት ነው። ዝምታውን በምክር አትሙላው፣ «ወንድ ልጅ ነህ በርታ» አትበለው። ስልኩ አይዘጋ። እሱ ሲዘጋው ደግሞ ሌላ ዘመድ ተዘጋጅቶ ወዲያው ይደውል። የድምፅ መልእክት ቀድቶ መላክ ጥሪ አይደለም፤ ድምፅ አለው እንጂ ጆሮ የለውም።

ወደ ኢሜይሉ እንለፍ። ልጁ ዓርብ ንጋት ላይ ተነገረው፣ አለቀሰ፣ ቅዳሜ ማለዳ ሊነሳ ነው። ሥራው አለ።

«አለቃው የሶማሌ ሰው ነው፣ ኢሜይል ልኬለት ልሂድ።»

ዓርብ ጠዋት ኢሜይል ማን ያነባል? ሐርጌሳ ዓርብ የጸሎትና የዕረፍት ቀን ናት፤ ብዙው ሥራ ቅዳሜ ነው የሚጀምረው። ቅዳሜ ኢሜይሉ ሳይከፈት አንተ ከሥራ ቀረህ፤ ፎርማኑም «ጠፋ» ብሎ መዘገበ። መጀመሪያ ይደወላል። ራስህ ካልቻልክ ጓደኛህ ይደውል፦ «አባቱ ሞተዋል፣ ነገ ወደ አገሩ ይሄዳል» በቂ ነው። የሶማሌ ሰው ሞት ሲሰማ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ይልሃል፤ ለቅሶ መድረስን ከኛ እኩል ያውቃል፣ ታዕሲ ይለዋል። ብዙ ጊዜ ፈቃዱ በዚያች ጥሪ ላይ ይገኛል።

ኢሜይሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ሥራውም ሌላ ነው፦ የተባለውን ማስቀመጥ። ቀኑን፣ ደመወዙን፣ ማን እንደሚተካህ። የመጀመሪያው ረቂቅ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይጀምራል፦

«ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ አባቴ ለረጅም ጊዜ በስኳር በሽታ ሲሠቃዩ ቆይተው፣ ብዙ ሐኪም ቤት ተመላልሰው፣ እኔም ከዚህ ገንዘብ ስልክ…»

ወንድሜ፣ ይህ ለለቅሶ ቤት ነው። ሥራ አስኪያጁ አንድ ገጽ አንብቦ መቼ እንደምትመለስ አላገኘም። ርዕሱ ላይ ጥያቄው ይቀመጥ፣ «የሐዘን ፈቃድ፣ ከኖቬምበር 8 እስከ 13»። ውስጡም፦

«አባቴ ሐሙስ ኖቬምበር 6 ማታ አርፈዋል። ዛሬ ዓርብ በስልክ እንደተነጋገርነው ከቅዳሜ ኖቬምበር 8 እስከ ሐሙስ ኖቬምበር 13 ፈቃድ እጠይቃለሁ። ቅዳሜ ኖቬምበር 15 በ8:00 ሥራ እገባለሁ። የሦስተኛው ፎቅ ሥራ ቀሪው ብሎኬት ተቆጥሮ ለባልደረባዬ ተላልፏል። ቀኖቹ ከዓመት ዕረፍቴ የሚቀነሱ ከሆነ ወይም ያለ ክፍያ ከሆኑ እባክዎ በዚሁ መልስ ያሳውቁኝ።»

በእንግሊዝኛም ቢጻፍ ይዘቱ ይኸው ነው። ሁለት ቦታ ላይ ግን ሰው ይወድቃል። አንደኛው ቀኑ ነው፦ ቅዳሜ በኛ ጥቅምት 29 ነው። «ጥቅምት ኦክቶበር ነው» ብሎ ኦክቶበር 29 የጻፈ ሰው፣ አለቃው ዘንድ የጠየቀው ያለፈ ቀን ነው። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው፦ «2 ሰዓት» ያልከውን ከሰዓት በኋላ አድርጎ የሚያነብ አለ፤ 8:00 ብለህ ጨርሰው። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትተዋት። የኢትዮጵያ የሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለወላጅ ሞት ሦስት ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ አዋጁ ግን ውጫሌን አይሻገርም። ሐርጌሳ ላይ የሚሠራው የፈረምከው ውልና አለቃህ የጻፈው መልስ ነው። በስልክ «ችግር የለም» የተባለው ነገር ወር መጨረሻ ላይ ሲካድ የሚመሰክርልህ ይህ መልስ ነው።

ቻትስ ጨርሶ አያስፈልግም? ያስፈልጋል፣ ተራው አሁን ነው። ከተነገረው በኋላ ለአገር ልጆች የሚላከው ጽሑፍ ይህን ይመስላል፦

«የወንድማችን አባት አርፈዋል። እሱ ተነግሮታል። ዛሬ ከሰዓት እሱ ቤት እንገናኝ። ቅዳሜ ማለዳ ይሄዳል፤ ለመንገዱ የምታዋጡ በዛድ በዚህ ቁጥር አስገቡ።»

«እሱ ተነግሮታል» የምትለዋ ዋና ናት። እሷ ከሌለች ግማሹ ሰው አፉን ይዞ ይቀራል፣ ግማሹ ደግሞ ሳያውቅ ይነግራል። የዛድ ቁጥርም ከጥሪ ይልቅ በጽሑፍ ይሻላል፤ ሰው ኮፒ አድርጎ ያስገባል፣ አሃዝ አይሳሳትም። ለሐዘንተኛው ራሱ ግን «አር.አይ.ፒ» ብለህ አትጻፍለት። ሐርጌሳ ካለህ በእግርህ ሂድ፤ ከተማዋ አትርቅም። ሌላ አገር ካለህ ደውል። ካላነሳ ደግሞ «ደውዬ ነበር፣ ማታ እሞክራለሁ፣ መልስ አትጨነቅ» ብለህ ጻፍ፤ ማታም ሞክር።

«ይህ ሁሉ ሥነ ሥርዓት ለአንድ ወሬ?»

ለአንድ አባት ነው እንጂ! እናንተ ስደት ላይ ያላችሁ፣ ዛሬውኑ አንድ ነገር አድርጉ፦ ሐርጌሳ ካሉት የአገር ልጆች መካከል የምታምኑትን የአንድ ሰው ስምና ስልክ ቁጥር ለአገር ቤት ቤተሰባችሁ ስጡ፤ «ክፉ ነገር ከመጣ ለእኔ ሳይሆን ለዚህ ሰው ደውሉ» በሏቸው። ያንንም ሰው ፈቃዱን ጠይቁት፣ የእሱንም ቤተሰብ ቁጥር ተቀበሉት።